ውሃ ለምን ጎበጠ? ካርቦን ዳይኦክሳይድስ ለምን ቀጥ አለ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሁለት ሞለኪውሎች ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ H2O እና CO2። እስቲ ቀመራቸውን ብቻ ተመልከቱ። ሁለቱም ሦስት ሦስት አቶም አላቸው። በሁለቱም አንዱ አቶም መሃል ተቀምጦ ሁለት ተመሳሳይ አቶሞች ይዟል። በሁለቱም ቦንዶቹ ፖላር ናቸው፤ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ወደ አንዱ አቶም ያደላሉ። እስከዚህ ድረስ መንታ ይመስላሉ። ታዲያ ውሃ ፖላር ሞለኪውል ሆኖ ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፖላር ያልሆነው በምን ምክንያት ነው?

ብዙ ተማሪ «የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦንዶች ፖላር ስላልሆኑ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ስህተት ነው፤ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ስህተት መሆኑን ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። የካርቦንና የኦክስጅን ቦንድ በደንብ ፖላር ነው። ልዩነቱ ያለው ቅርጹ ላይ ነው። ቅርጹ ደግሞ ከቀመሩ ላይ አይነበብም፤ መሃለኛው አቶም ዙሪያ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ቆጥረን ነው የምንደርስበት።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው፦ ቆጠራ፣ ቅርጽ፣ ድምር። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ። ቆጠራውን የዘለለ ቅርጹን ይስታል፤ ቅርጹን የሳተ ደግሞ ድምሩ ላይ የግድ ይሳሳታል።

አንደኛ፣ ቆጠራው።

ከውሃ እንጀምር። የምንቆጥረው የውጨኛው ሼል ኤሌክትሮኖችን፣ ማለትም ቫለንስ ኤሌክትሮኖችን ብቻ ነው። ኦክስጅን 6 አለው፤ ሃይድሮጅኖቹ አንድ አንድ አላቸው። በድምሩ 8። መሃል የሚቀመጠው ማነው? ሃይድሮጅን እዚህ የሚሠራው አንድ ቦንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት አቶሞችን ማያያዝ አይችልም፤ ስለዚህ መሃል የሚሆነው ኦክስጅን ነው። አሁን ኦክስጅንን ከሁለቱ ሃይድሮጅኖች ጋር በአንድ አንድ መስመር አገናኙ። አንድ መስመር ማለት ሁለት ኤሌክትሮን ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች 4 ወሰዱ። 4 ቀረን። ሃይድሮጅን ሁለት ኤሌክትሮን ካገኘ ሞልቶለታል፤ ከዚያ በላይ አይቀበልም። የቀሩት 4 የት ይሂዱ? ያለ ጥርጥር ኦክስጅኑ ላይ፣ ሁለት ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። እነዚህ ከማንም ጋር ያልተጋሩ ብቸኛ ጥንዶች ናቸው፤ በክፍል ውስጥ ሎን ፔር የምንላቸው።

አሁን መሃለኛውን አቶም እዩልኝ። ኤሌክትሮኖች በዙሪያው በስንት ቦታ ሰፍረዋል? ሁለት ቦንድና ሁለት ብቸኛ ጥንድ፤ በድምሩ አራት ቦታ። እያንዳንዱን ቦታ ዛሬ «ሰፈር» እያልኩ እጠራዋለሁ። ውሃ ውስጥ ኦክስጅን አራት ሰፈር አለው።

ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለፍ። ካርቦን 4፣ ሁለቱ ኦክስጅኖች ስድስት ስድስት፤ በድምሩ 16። ኤሌክትሮን የመሳብ አቅሙ ያነሰው ካርቦን ስለሆነ መሃል ይቀመጣል። በአንድ አንድ መስመር ስናገናኘው 4 ወጣ፣ 12 ቀረ። ሁለቱን ኦክስጅኖች ስምንት ስምንት እስኪሞላላቸው ድረስ ብናካፍላቸው ስድስት ስድስት ይደርሳቸዋል፤ 12ቱም አለቀ። እዚህ ላይ ስንት ሰው እርሳሱን እንደሚያስቀምጥ ብታውቁ! ኤሌክትሮኑ ስላለቀ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግን ካርቦኑን ቁጠሩት። በዙሪያው ያለው 4 ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ 8 ይገባዋል። አዲስ ኤሌክትሮን ከየትም አናመጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ ኦክስጅን ከብቸኛ ጥንዶቹ አንዱን ወደ ካርቦኑ ያጋራል፤ ነጠላው መስመር ድርብ ይሆናል። አሁን ካርቦን 8 አለው፤ ኦክስጅኖቹም 8 እንደያዙ ናቸው።

ሰፈሩን እንቁጠር። በካርቦኑ ዙሪያ አራት ጥንድ ኤሌክትሮን አለ። ታዲያ አራት ሰፈር ነው? አይደለም። ሁለት ሰፈር ነው። ድርብ ቦንድ አንድ ሰፈር ነው፤ ሦስትዮሽ ቦንድም ቢሆን አንድ ሰፈር ነው። ምክንያቱም በድርብ ቦንድ ውስጥ ያሉት ሁለት ጥንዶች የሚገኙት በዚያው በሁለቱ አቶሞች መካከል ነው፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ሊሄድ አይችልም። እኛ የምንቆጥረው አቅጣጫን እንጂ መስመርን አይደለም። ድርብ ቦንድን ሁለት ብሎ የቆጠረ ተማሪ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ አራት ሰፈር ይሰጠዋል፤ ከዚያም እንደ ውሃ ያጎብጠዋል።

ሌላም ስህተት አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ስውር ነው። አንዳንዱ ተማሪ ስዕሉን በትክክል ሠርቶ ሲያበቃ ኦክስጅኖቹ ላይ የቀሩትን አራት ብቸኛ ጥንዶች ያይና «ብቸኛ ጥንድ ካለ ይጎብጣል» ይላል። ደንቡን በቃል ይዞታል፤ ግን የማን ብቸኛ ጥንድ እንደሆነ አልጠየቀም። ቅርጹን የሚወስኑት መሃለኛው አቶም ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ጫፍ ላይ ያሉት ጥንዶች ካርቦኑ ዘንድ ያለውን አንግል አይለውጡም። የካርቦኑን ብቸኛ ጥንድ ቁጠሩ፤ ዜሮ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅርጹ።

የሐሳቡ መነሻ ቀላል ነው፤ ሰፈሮቹ በተቻላቸው መጠን እርስ በርስ ይራራቃሉ። ሲጅዊክና ፓወል በ1940 የሞለኪውል ቅርጽ ከኤሌክትሮን ጥንዶች ብዛት ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ፤ ጊሌስፒና ናይሆልም ደግሞ በ1957 አስፋፍተው ዛሬ በየክፍሉ የምናስተምረውን መልክ ሰጡት። ስሙ «የቫለንስ ሼል ኤሌክትሮን ጥንዶች መገፋፋት» ነው፤ የእንግሊዝኛውን አሕጽሮት ይዘን ቬስፐር እያልን እንጠራዋለን። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። ተማሪዎች መገፋፋቱን «ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ስለሚሸሽ ነው» ብለው ብቻ ይገልጹታል። እውነትነት አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን የፓውሊ ሕግ ነው። ስፒናቸው አንድ የሆነ ኤሌክትሮኖች አንድ ቦታ ላይ ሊደራረቡ አይችሉም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ቦታ ይዞ ሌላውን ያርቃል።

አሁን እነዚህን ፊኛዎች ተመልከቱ። እኩል የተነፉ ናቸው። መጀመሪያ ሁለቱን አፍ ለአፍ አስሬያቸዋለሁ። እንዴት ቆሙ? አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፤ ቀጥ ያለ መስመር። ባጣምማቸው ይመለሳሉ። 180 ዲግሪ። ይህ ካርቦናችን ነው። ሁለት ሰፈር ብቻ ስላለው ከ180 በላይ መራራቅ አይቻልም፣ ከ180 በታች የሚያደርግበት ምክንያትም የለውም።

አሁን ሌሎቹን ሁለት ጨምሬ አራቱንም አንድ ቋጠሮ ላይ ላስራቸው። ጠረጴዛው ላይ አድርጌ በመዳፌ ስጫናቸው የመስቀል ቅርጽ ያዙ፤ በመካከላቸው 90 ዲግሪ ነው። እጄን ላንሳ። አያችሁ? አንዱ ወዲያው ቀና አለ፣ ሦስቱ እንደ ጉልቻ ተራርቀው ተቀመጡ። እንዲህ እንዲቆሙ ያስገደዳቸው የለም። ከ90 ዲግሪ ይልቅ 109.5 ዲግሪ ላይ መራራቅ ስለቻሉ ነው። የአራቱን ጫፎች ብታገናኙ አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ገጽ ያለው ቴትራሄድሮን ታገኛላችሁ። ሰሌዳና ወረቀት ጠፍጣፋ ስለሆኑ እያታለሉን እንጂ አራት ሰፈር መቼም ቢሆን ጠፍጣፋ መስቀል አይሆንም ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ በምናየው ዓይነት ሞለኪውል ውስጥ። ውሃን በወረቀት ላይ ስትሥሉት ሃይድሮጅኖቹን ግራና ቀኝ፣ ብቸኛ ጥንዶቹን ላይና ታች ብታደርጓቸው ቆጠራው ልክ ነው፤ ስዕሉን እንደ ቅርጽ ካነበባችሁት ግን ውሃ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ ማለት ነው። ስንቱ ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው! እንዲህ በመስመርና በጥንድ የምንሥለው የሉዊስ ስዕል የሂሳብ መዝገብ ነው፤ ፎቶግራፍ አይደለም።

እንግዲህ ከአራቱ ፊኛዎች ሁለቱን ሃይድሮጅን ያዘባቸው፣ ሁለቱ ብቸኛ ጥንድ ናቸው። የሞለኪውሉን ቅርጽ ስንሰይም የምናየው አቶሞቹን ነው። ብቸኛ ጥንዶቹ ቦታ ይይዛሉ፣ ይገፋሉ፤ በስሙ ውስጥ ግን አይገቡም። ስለዚህ የሰፈሮቹ አቀማመጥ ቴትራሄድሮን ነው፤ የውሃ ቅርጽ ግን የጎበጠ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ፤ ፈተና ላይ ብቻ ሳይሆን ድምሩ ላይም ያስፈልጋችኋል።

አንግሉስ 109.5 ነው? ተለክቷል፤ 104.5 ነው። ለምን አነሰ? በቦንድ ውስጥ ያለ ጥንድ በሁለት ኒውክሊየስ መካከል ተወጥሮ ተይዟል፤ ስለዚህ ቀጠን ይላል። ብቸኛ ጥንድን የሚይዘው አንድ ኒውክሊየስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መሃለኛው አቶም አጠገብ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል። ሰፊው ጠባቡን ይገፋል። ሁለቱ ብቸኛ ጥንዶች ሃይድሮጅኖቹን እርስ በርስ ያቀራርቧቸዋል። ይህን ለማመን ሦስት ሞለኪውል ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ሦስቱም አራት አራት ሰፈር አላቸው። ሚቴን ብቸኛ ጥንድ የለውም፤ 109.5። አሞኒያ አንድ አለው፤ ወደ 107። ውሃ ሁለት አለው፤ 104.5።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ! ይህን ሰንጠረዥ ያየ ተማሪ «ለእያንዳንዱ ብቸኛ ጥንድ 2.5 ዲግሪ ቀንስ» የሚል ደንብ ያወጣል። አትቀበሉት። ሃይድሮጅን ሰልፋይድን፣ H2Sን፣ ውሰዱ። ቆጠራው ከውሃ ጋር አንድ ነው፤ 8 ኤሌክትሮን፣ አራት ሰፈር፣ ሁለት ብቸኛ ጥንድ። በዚያ ደንብ 104.5 መሆን ነበረበት። የተለካው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰልፈር ከኦክስጅን ስለሚበልጥ ቦንዶቹ ረዣዥም ናቸው፤ የቦንዱ ኤሌክትሮኖችም ከሰልፈሩ ራቅ ብለው ስለሚገኙ እርስ በርስ ብዙም አይገፋፉም። እኛ የምንጠቀምበት ዘዴ «ይጎብጣል፣ አንግሉም ከ109.5 ያንሳል» ብሎ በድፍረት ይነግረናል። በስንት ያንሳል የሚለውን ግን መለኪያ ነው የሚነግረን። ከዘዴው አቅሙ የሚፈቅደውን ብቻ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ድምሩ።

ኤሌክትሮን የመሳብ አቅምን፣ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲን፣ በፖውሊንግ ሚዛን እንመልከት፤ ሃይድሮጅን 2.20፣ ካርቦን 2.55፣ ኦክስጅን 3.44። በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ልዩነት 1.24 ነው፤ በኦክስጅንና በካርቦን መካከል ያለው 0.89። ሁለቱም ዜሮ አይደሉም፤ ሁለቱም ቦንዶች ፖላር ናቸው። በየቦንዱ ላይ ጫፉ ወደ ኦክስጅን የሚያመለክት ቀስት ሥሩ። ቀስቱ ኤሌክትሮኑ ወዴት እንደተጎተተ ይናገራል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ አንዱ ቀስት ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ነው። ርዝመታቸው እኩል ነው፣ አቅጣጫቸው ፍጹም ተቃራኒ ነው። ገመድ የሚጓተቱ ሁለት እኩል ጉልበተኞችን አስቡ፤ ገመዱ ተወጥሯል፣ የሚንቀሳቀስ ግን የለም። ድምሩ ዜሮ ነው። ጉተታው የለም ማለት ሳይሆን ጉተታው ተጣፋ ማለት ነው።

ውሃ ላይ ሁለቱ ቀስቶች ከሃይድሮጅኖቹ ተነስተው ኦክስጅኑ ላይ ይገናኛሉ። ሞለኪውሉ ስለጎበጠ ተቃራኒ አይደሉም። እያንዳንዱን ቀስት ለሁለት እንክፈለው። አንዱ ክፍል ወደ ጎን ነው፤ የግራው ከቀኙ ጋር ይጣፋል። ሌላኛው ክፍል አንግሉን እኩል በሚከፍለው መስመር ላይ ወደ ኦክስጅኑ ያመለክታል፤ ይህኛው በሁለቱም ቀስቶች ላይ አንድ አቅጣጫ አለው፣ ስለዚህ ይደመራል። በቁጥር እንሥራው። የአንዱ ቦንድ ጉተታ፣ ዴባይ በሚባለው የፖላርነት መለኪያ፣ 1.51 ዴባይ ነው እንበል። የ104.5 ግማሽ 52.25 ዲግሪ ነው፤ ኮሳይኑ 0.612። 1.51 ሲባዛ በ0.612፣ 0.924። ሁለት ቦንድ ስለሆነ በሁለት እናባዛው፤ 1.85 ዴባይ። የውሃ ትነት ሞለኪውል ሲለካ የሚገኘውም 1.85 ነው።

አታጨብጭቡ! ይህ ግጥምጥሞሽ ማስረጃ አይደለም። የአንድ ቦንድ ጉተታ ለብቻው አይለካም፤ 1.51 የተገኘው ከ1.85 ወደ ኋላ ተሰልቶ ነው፤ የብቸኛ ጥንዶቹም ድርሻ በውስጡ ተጠቅልሏል። ታዲያ ስሌቱ ምን ይጠቅመናል? አንግሉን ቀይራችሁ ድምሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ይጠቅማችኋል። 90 ዲግሪ አድርጉት፤ ወደ 2.14 ይወጣል። 180 አድርጉት፤ ግማሹ 90 ነው፣ የ90 ኮሳይን ዜሮ ነው፣ ድምሩም ዜሮ ነው። በሌላ አነጋገር ውሃ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ቦንዶቹ የፈለጉትን ያህል ፖላር ቢሆኑ ሞለኪውሉ ፖላር አይሆንም ነበር።

«ይህ ሁሉ በወረቀት ነው፤ በተግባር እንዴት ይታወቃል?» የሚል ይኖራል። ብዙዎቻችሁ የተፋተገ ፕላስቲክ ወደ ቀጭን የውሃ ፍሰት ሲጠጋ ፍሰቱ እንደሚታጠፍ አይታችኋል። ያንን ለዚህ ማስረጃ አድርጌ አላቀርብም፤ ፍሰቱ ራሱ ቻርጅ ስለሚይዝም ይታጠፋል፤ ስለ ሞለኪውሉ ቅርጽ ብቻ የሚናገር ሙከራ አይደለም። የተሻለው መንገድ የዴባይ ነው፤ መለኪያው በስሙ የተጠራው የፒተር ዴባይ። ጋዙን በካፓሲተር ሁለት ሳህኖች መካከል አስገቡና አንድ ሞለኪውል ለኤሌክትሪክ መስኩ የሚሰጠውን ምላሽ በተለያየ ሙቀት ለኩ። ፖላር የሆነ ሞለኪውል ወደ መስኩ ለመዞር ይሞክራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር መንቀጥቀጡ ያሰናክለዋል፣ ምላሹም ይቀንሳል። የውሃ ትነት እንዲህ ያደርጋል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምላሽ ግን ከሙቀት ጋር አይወርድም፤ የሚዞር ቋሚ ዳይፖል፣ ማለትም አንዱን ጫፍ ፖዘቲቭ ሌላውን ኔጋቲቭ የሚያደርግ ክፍፍል፣ የለውማ። ዳይፖሉ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ እኩል ቦንዶች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ስለዚህ ሙቀትና ካፓሲተር ይዘን ስለ ቅርጽ መመስከር ቻልን!

ስለ መፍያ ነጥብም ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ማጋነን ይበዛል። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተራ ግፊት ጠጣሩ ሳይቀልጥ በ78.5 ዲግሪ ከዜሮ በታች በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ያውም ሞለኪውሉ ከውሃ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ እየከበደ፣ 44 ለ18። «ፖላርነት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል» ማለት ያጓጓል። ግን ሰልፈር ዳይኦክሳይድን፣ SO2ን፣ እዩት። ሰልፈሩ ሦስት ሰፈር አለው፤ ሁለት ቦንድና አንድ ብቸኛ ጥንድ። ሦስት ሰፈር በ120 ዲግሪ ይራራቃል፤ ስለዚህ ይጎብጣል፣ አንግሉ 119 ገደማ ነው፣ ዳይፖሉም 1.63 ዴባይ ነው። ለውሃ የቀረበ ነው፣ ክብደቱም 64 ነው። የሚፈላው ግን ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የውሃን 100 ዲግሪ ፖላርነት ብቻውን አላመጣውም፤ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘው ሃይድሮጅን ከጎረቤት ብቸኛ ጥንድ ጋር የሚፈጥረው የሃይድሮጅን ቦንድ ነው ዋናው ነገር። እንግዲህ ቅርጽና ፖላርነት የት ድረስ እንደሚያስኬዱን አውቀን እንጠቀምባቸው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ሞለኪውል ላስፈትናችሁ። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አንዱን ኦክስጅን አውጥቼ በቦታው ሰልፈር አደረግሁ፤ OCS። እርሳሳችሁን አንሱ። ቆጠራ፦ 6 እና 4 እና 6፤ 16። ልክ እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ካርቦኑ ሁለት ድርብ ቦንድ፣ ሁለት ሰፈር፣ ዜሮ ብቸኛ ጥንድ አለው። ቅርጽ፦ ቀጥ ያለ፣ 180 ዲግሪ። ድምርስ?

ከኋላ «ዜሮ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው አይደል? ቀጥ ማለቱ ብቻ አይበቃም። ገመድ የሚጓተቱት እኩል መሆን አለባቸው። የሰልፈር ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ 2.58 ነው፤ ከካርቦን 2.55 እምብዛም አይለይም። በአንድ በኩል ብርቱ ጉተታ፣ በሌላ በኩል ኢምንት። ስለዚህ አይጣፋም፤ ሞለኪውሉ 0.7 ዴባይ ገደማ የሆነ ዳይፖል አለው፣ ኔጋቲቩ ጫፍም ኦክስጅኑ ነው። ቅርጹ ያው፣ ቆጠራው ያው፣ ድምሩ ግን ሌላ። ሦስተኛውን ደረጃ ለብቻው ያቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ፊኛዎቹ እዚሁ አሉ፤ አምስትና ስድስት ሆነው ሲታሰሩ እንዴት እንደሚቆሙ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ ጥያቄም ካላችሁ እቀበላለሁ።